58 ሚሊ ለሚወጣ ሻፍት 65 ብረት ለምን? ፍቅፋቂውስ ስንት ኪሎ ነው?

መሐልሜዳ ወፍጮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ወፍጮ ቤቴ መሐል ሜዳ ነው። የገብሱ ወፍጮ ሻፍት ባለፈው ሳምንት ከፑሌጃው አጠገብ፣ ውፍረቱ ከሚቀየርበት ቦታ ላይ ተሰበረ። ሁለቱን ቁራጭ በጆንያ ጠቅልዬ በሞላሌና በጣርማ በር አድርጌ ደብረ ብርሃን መጣሁ።

ቶርኖ ቤቱ አሮጌውን ለክቶ በወረቀት ጻፈልኝ። ጠቅላላ ርዝመቱ 400 ሚሊ ነው። በፑሌጃው በኩል 45 ሚሊ ሆኖ 120 ይሄዳል፣ መሃሉ 58 ሆኖ 180፣ በድንጋዩ በኩል ደግሞ 50 ሆኖ 100። ከዚያ «ሲ 45 ብረት፣ ውፍረቱ 65፣ ርዝመቱ 410 አስቆርጠህ አምጣ» አለኝ።

ብረት ቤት ስሄድ 60ም 65ም አለ፤ የሚሸጠው በኪሎ ነው። የሻፍቱ ወፍራም ቦታ 58 ከሆነ 60 ይተርፈዋል ብዬ አሰብኩ። ቶርኖ ቤቱ ግን 60 አልቀበልም አለ። ብረቱ ሲላጥ የሚወጣው ፍቅፋቂ እነሱ ዘንድ እንደሚቀር ሳስብ ደግሞ ልቤ ተጠራጠረ። ሰው ማማት አልፈልግም፣ ግን ገንዘቤ ነው። ሁለት ነገር ብታስረዱኝ፦ 65 በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ከገዛሁት ውስጥስ ስንት ኪሎው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል?

---

ሳይት ላይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡34

የኪሎው ቀላል ነው ወንድሜ። እኛ ሳይት ላይ ፌሮ የምናሰላበት መንገድ ለማንኛውም ድቡልቡል ብረት ይሠራል። ውፍረቱን በሚሊ ወስደህ በራሱ ታባዛና ለ162 ታካፍላለህ፣ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል።

```
D²/162
```

65 በ65 ሲባዛ 4225፣ ለ162 ሲካፈል 26.08 ኪሎ በሜትር። ያንተ 0.41 ሜትር ስለሆነ 10.7 ኪሎ ገደማ ትገዛለህ።

ፍቅፋቂው ደግሞ ከ65 ወደ 58 ሲወርድ 7 ሚሊ ነው። 7 በ7 ስታባዛ 49፣ ለ162 ስታካፍል 0.3 ኪሎ በሜትር። ለ180 ሚሊ ቁመት 54 ግራም ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። የጫፎቹንም እንደዚሁ ብታሰላ ከግማሽ ኪሎ አያልፍም። ስለዚህ አትጨነቅ፣ 65ቱን ግዛ።

---

የፖሊ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ሳይት ላይ፣ ቀመሩ ልክ ነው፣ የፍቅፋቂው ስሌት ግን ተሳስቷል። እኔም ቶርኖ መማር የጀመርኩ ጊዜ እዚሁ ላይ ስለተሳሳትኩ በደንብ አውቀዋለሁ።

7 ሚሊ ብለህ በራሱ ስታባዛ ያሰላኸው የ7 ሚሊ ቀጭን ዘንግ ክብደት ነው። የሚላጠው ግን ዘንግ ሳይሆን በብረቱ ዙሪያ ያለ ቱቦ ነው፤ ውስጡ 58፣ ውጩ 65 የሆነ ቱቦ። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ከዚያ መቀነስ ነው። 4225 ሲቀነስ 3364 እኩል ይሆናል 861። 861 ለ162፣ ከዚያ በ0.18 ሜትር ሲባዛ 0.96 ኪሎ ነው። 54 ግራም ሳይሆን ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

ለመሐልሜዳ ወፍጮ ሙሉውን አሰላሁልህ። ከ65 ወደ 45 የሚወርደው የፑሌጃ ጫፍ ብቻውን 1.63 ኪሎ ፍቅፋቂ ያወጣል። የድንጋዩ ጫፍ ከ65 ወደ 50 ነውና 1.06 ኪሎ። መሃሉ ያልኩህ 0.96። ከሁለቱ ፊት የሚላጠው 10 ሚሊ ደግሞ 0.26። ሲደመር 3.9 ኪሎ ሆነ። ሻፍቱ ራሱ 6.78 ኪሎ ይመዝናል፣ የምትገዛው 10.69። ከመቶ 37 ገደማው ፍቅፋቂ ነው ማለት ነው።

60 ብትገዛ 9.1 ኪሎ ነው የምትከፍለው፣ ፍቅፋቂውም ወደ 2.3 ኪሎ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.6 ኪሎ ነው። 60 ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ግን እኔ አልደፍርም፣ የሠሩበት ይናገሩ።

---

ሳይት ላይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

እውነትሽን ነው እህቴ። ፌሮ ስንቆርጥ የምንላጠው ነገር ስለሌለ መቀነሱ ገጥሞኝ አያውቅም። አመሰግናለሁ፣ ከላይ ያልኩትን የፍቅፋቂ ቁጥር እንዳትይዙት።

---

ጣርማበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የፍቅፋቂ ነገር ከተነሳ፣ እኔ ቁርጥራጭ ብረት እየዞርኩ እሰበስባለሁ። አንድ ሻፍት ግማሽ ጆንያ ሙሉ ፍቅፋቂ ሲያወጣ ዓይቻለሁ። 3.9 ኪሎ የምትሉት እንዴት ነው? ግማሽ ጆንያ ብረት እኮ ሁለት ሰው አያነሳውም።

---

ባለ ቶርኖ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጣርማበር፣ ያየኸው ጆንያ እውነት ነው፣ የልጅቷ ቁጥርም እውነት ነው። እሷ ያሰላችው ብረቱን ነው፣ አንተ ያየኸው ግን ብረቱ አየር ይዞ ነው። የ3.9 ኪሎ ብረት ይዘት ግማሽ ሊትር ነው፣ ትንሿን የውሃ ፕላስቲክ ታህል። የሚቆርጠው ቱል ፍቅፋቂውን እየሰባበረ ከጣለው በአምስትና በአሥር እጥፍ ይነፋል። ሳይሰበር እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ከወጣ ግን ሃምሳ እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ይይዛል። ግማሽ ሊትሩ 25 ሊትር ጀሪካን ይሞላል ማለት ነው። ጆንያውን ያነሳኸው እንደሆነ ቀላል ነው። ለዚህ ነው ፍቅፋቂ ሁልጊዜ በሚዛን እንጂ በዓይን የማይገመተው።

አሁን ወደ ወፍጮው ባለቤት ልመለስ። ልጄ፣ ከ30 ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ ቆሜአለሁ፣ የተጠየቅኸው 65 ማጭበርበር አይደለም። ምክንያቱን ከራሴ ጥፋት ልንገርህ።

ወጣት ሆኜ ልክ እንዳንተ ያለ ሻፍት መጣልኝ፣ ወፍራሙ ቦታ 58። ባለቤቱ ገንዘብ ስላጠረው 60 ይዞ መጣ፣ እኔም «2 ሚሊ ይተርፋል» ብዬ ተቀበልኩት። ጫፎቹን ሠርቼ ጨረስኩ። መሃሉን ወደ 58 ሳወርድ በአንድ በኩል ነጭ ሆነ፣ በሌላው በኩል ግን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ንጣፍ ቀረ። ቱሉ እዚያ ጋ ሲደርስ ብረቱን አልነካውም፣ አየር ይቆርጣል። ድምፁ ራሱ ይነግርሃል፤ በየዙሩ ሽው፣ ዝም፣ ሽው፣ ዝም ይላል። እስከ 57.5 ባወርደው ይጠራ ነበር፣ ግን እዚያ ላይ የሚገባው ፍላንጅ ልኩ 58 ነው። ብረቱም ድካሙም ከሰረ፣ 65 ገዝቼ ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ የተበላሸውን ደግሜ ለካሁት። «60» የተባለው ብረት ክቡ እኩል አልነበረም፤ በአንድ በኩል 60.1 በሌላው 59.3 ነው። ጥቁር ብረት በእሳት ግሎ በሮለር ተዳምጦ የወጣ ስለሆነ እስከ አንድ ሚሊ መጉደሉ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ጎብጧል፤ ሁለቱ ጫፎች ሴንተር በሚባለው በተወጋው ነጥብ ተይዘው ቀጥ ብለው ሲዞሩ መሃሉ 0.8 ሚሊ ከመሃል ወጥቶ ይዞር ነበር።

አሁን አስላው። 59.3 ለሁለት 29.65 ነው። በጎበጠበት ተቃራኒ በኩል 0.8 ይጎድልብሃል፣ 28.85 ቀረህ። ለ58 የሚያስፈልግህ 29 ነው። 0.15 ሚሊ ጎደለኝ፣ ያቺ 0.15 ናት መዳፍ የሚያህል ጥቁር የተወችልኝ። ብዙ ሰው «60 ሲቀነስ 58፣ 2 ሚሊ አለኝ» ይላል። በአንድ በኩል ያለው ግን 1 ሚሊ ብቻ ነው፣ ጉብጠቱም ጉድለቱም የሚበሉት ከዚያች 1 ሚሊ ነው።

ስለዚህ ለጥቁር ብረት፣ በዚህ ውፍረት፣ በአንድ በኩል ቢያንስ 2 ሚሊ ተኩል እፈልጋለሁ። 58 ሲደመር 5 ሲሆን 63፣ ገበያ ላይ ከዚያ በላይ ያለው የቅርቡ 65 ነው።

---

አለም ከተማ ቶርኖ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡05

ጋሼ ባለ ቶርኖ ያሉትን አከብራለሁ፣ ስሌታቸውም ንጹሕ ነው። እኔ ግን ያ ብረት ይድን ነበር እላለሁ።

ሻፍቱን እስቲ ተመልከቱት። 58 የሚሆነው መሃሉ ብቻ ነው። ጫፎቹ 45 እና 50 ናቸው፣ እዚያ ወደ 5 ሚሊና ከዚያም በላይ በየጎኑ ትርፍ አለ። ታዲያ ሴንተሩ ለምን በጫፉ ክብ መሃል ይወጋል? ብረቱን በቪ ብሎክ ላይ አስቀምጬ እያዞርኩ በዲያል ጌጅ መሃሉ የት እንደሚጎብጥ አያለሁ። ጉብጠቱ ወዳለበት ወገን የሁለቱንም ጫፍ ሴንተር 0.8 አስጠግቼ እወጋለሁ። ያኔ መሃሉ ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ የሚዋልሉት ጫፎቹ ናቸው። ጫፎቹ ደግሞ ትርፍ ስላላቸው ቢዋልሉ ግድ የለም፣ መጀመሪያ ሲላጡ ይጠራሉ።

በዚያ መንገድ ከ59.3ቱ ብረት መሃል ላይ 29.65 ሙሉው ይቀራል፣ 29 ይበቃል። በአንድ ሻፍት 1.6 ኪሎ ማትረፍ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ብረት እያስመጣ ለሚሠራ ሰው ትንሽ አይደለም።

---

ባለ ቶርኖ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

አለም ከተማ፣ ያልከው እውነተኛ የእጅ ሥራ ነው፣ እኔም በኋላ ተምሬዋለሁ። ሰው ጫፉን ሳይሆን የሚጠበውን ቦታ አይቶ ሴንተር ሲወጋ ደስ ይለኛል።

ያም ሆኖ 0.65 ሚሊ በየጎኑ ለኔ አይበቃኝም። ጥቁሩ ቅርፊት ከብረቱ የጠነከረ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ ከቅርፊቱ ስር ገብቶ ካልሄደ የቱሉ ጫፍ ቅርፊቱ ላይ እየተፋቀ ወዲያው ይደንዛል። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ሁልጊዜ አንድ ሚሊና ከዚያ በላይ ጠልቄ የምወስደው። በ0.65 እንዴት አድርጌ አንዴ ጠልቄ አንዴ ደግሞ ለልክ እወስዳለሁ?

ሌላው፣ ከቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን እሳት ላይ ካርቦኑን ስላጣ ለስላሳ ነው። በዓይን ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ግን ገና ጥሩው ብረት አይደለም። ፍላንጅ በግፊት የሚገባበት ቦታ ላይ ያን ለስላሳ መተው አልወድም።

---

አለም ከተማ ቶርኖ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

በካርባይድ ቱል በአንድ ቆረጣ ወደ 58.3 አወርደዋለሁ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ለልክ እወስዳለሁ። ቅርፊቱ ላይ አንድ ጠርዝ ቢደነዝዝ ቱሉን አዙሬ ሌላውን ጠርዝ እጠቀማለሁ። ስለ ለስላሳው ሽፋን ያሉት ግን ልክ ነው ጋሼ። ኩሽኔታ ወይም ዘይት ማኅተም የሚቀመጥበት ቦታ ቢሆን እኔም አልሞክረውም። ለተራ አካል ግን አሁንም 60 ይበቃል ባይ ነኝ።

---

ሸዋሮቢት ፓምፕ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ውይይቱን እያነበብኩ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት መስኖ ፓምፕ እጠግናለሁ። የነሐስ ቡሽ ላሠራ ነው፦ ውጩ 60፣ ቀዳዳው 45፣ ርዝመቱ 70። ቶርኖ ቤት እንዳንተ 65 በ75 ድፍን ነሐስ አምጣ አሉኝ። በልማዱ ከ65 ወደ 60 ብቻ ስለሚላጥ ፍቅፋቂው ትንሽ ነው ብዬ ነበር። D²/162ን ለነሐስ ብጠቀመው ይሠራል?

---

የፖሊ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡48

162 የብረት ነው፣ ለነሐስ እንዳለ አይሠራም። የብረቱን አውጥተህ በ1.12 ብታባዛው ይቀርባል፣ ነሐስ ከብረት ትንሽ ስለሚከብድ። ልኩ እንደ ነሐሱ ዓይነት ይለያያል።

ያንተ ጉዳይ ግን ከሻፍቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቀዳዳውም ፍቅፋቂ ነው። 65 በ75 ድፍኑ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተሠርቶ የሚወጣው ቡሽ 0.76 ኪሎ ነው። 1.4 ኪሎ ነሐስ ፍቅፋቂ ሆነ፣ ከገዛኸው ሁለት ሦስተኛው። ከውጭ የሚላጠው ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው፣ ብዙው የሚወጣው ከቀዳዳው ውስጥ ነው።

---

ብረት ነጋዴ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሸዋሮቢት፣ ድፍን አትግዛ። ሲፈስስ ቀዳዳ ተደርጎበት የወጣ ነሐስ አለ። ውጩ 65፣ ቀዳዳው 40 ብታገኝ 75 ሚሊው 1.4 ኪሎ አይሞላም፣ ፍቅፋቂውም ወደ 0.6 ኪሎ ይወርዳል። ስትገዛ ግን ቀዳዳው መሃል ላይ መሆኑን በካሊፐር ከሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቦታ ለካው። አንዱ ግድግዳ 14፣ ሌላው 11 ከሆነ ቀዳዳው ወደ ጎን ሸሽቷል፣ ጋሼ ለሻፍቱ እንዳሉት ትርፉን ይበላብሃል። የነሐስ ፍቅፋቂ ዋጋ አለው፣ ከብረት ጋር አይደባለቅብህ። ማግኔት አልፈህበት ምንም ካላነሳ ንጹሕ ነው።

መሐልሜዳ ወፍጮ፣ ብረት ቤት ስትመጣ ሁለት ነገር አድርግ። የመጋዙን ጫፍ ተመልከት፣ ጠማማ የተቆረጠ ከሆነ ከአንዱ ጠርዝ 410 ከሌላው 405 ሊሆን ይችላል፣ ያንተ ርዝመት የሚለካው ከአጭሩ ጠርዝ ነው። ሁለተኛ፣ ቁራጩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባልለው። ከስሩ ብርሃን እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ጎብጧል፣ ሌላ ቦታ ላይ ቁረጥልኝ በል። የኛ ሠራተኛ ሊያጉረመርም ይችላል፣ አንተ ግን መብትህ ነው።

---

መሐልሜዳ ወፍጮ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫፍ ላይ 10 ሚሊ ለምን እንደተጨመረም ሳልጠይቅ ነበር፣ ስለ ጠማማው መጋዝ ሳነብ አሁን ገባኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ነጩን የተሳበ ብረት ብገዛስ? ብረት ቤት ልኩ ትክክል የሆነ፣ ያብረቀረቀ 60 አለ።

---

ባለ ቶርኖ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡40

ነጩ ልኩ አይጎድልም፣ ቅርፊትም የለውም፣ ስለዚህ ለ58 60 በደንብ ይበቃል። ክቡም ቀጥ ያለ ነው። እኔም «5 ሚሊ ጨምር» የምለው ለጥቁሩ ብቻ ነው።

ግን ልንገርህ፣ ነጩ በብርድ በጉልበት ተስቦ የወጣ ስለሆነ ውስጡ ጭንቀት ይዟል። እኩል ዙሪያውን ስትልጠው ችግር የለውም። ፑሌጃው የሚታሰርበትን የኪ ቦይ በአንድ በኩል ብቻ ስትቆርጥ ግን ጭንቀቱ በዚያ በኩል ይፈታና ሻፍቱ ይጎብጣል። ስለዚህ የኪ ቦዩን አስቀድሞ ቆርጦ ልኩን ከዚያ በኋላ መጨረስ ያስፈልጋል፣ ሁሉም ቶርኖ ቤት በዚህ ቅደም ተከተል አይሠራም። ሲ 45 መሆኑንም አረጋግጥ። ነጩ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ብረት ነው፣ ወፍጮ ላይ አይቆይም። በድሮው ሻፍትህ ስብራት ላይም አንድ ቃል ልጨምር፤ 45 ከ58 በሚገናኝበት ቦታ ጥጉን ስል አድርገው እንዳይተዉት፣ ክብ አድርገው ይጨርሱልህ።

---

መሐልሜዳ ወፍጮ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

ዛሬ ተሠርቶ ወጣ፣ ቁጥሩን ይዤ መጣሁ።

65ቱን ጥቁር ገዛሁ። በካሊፐር ብንለካው 64.5 ነው፣ ጋሼ እንዳሉት ይጎድላል። ብረት ቤት ሚዛን ላይ 10.5 ኪሎ ሆነ፣ በ64.5 ሳሰላውም 10.53 መጣልኝ። ከቶርኖው አጠገብ ቆሜ ሳይ የመጀመሪያው ቆረጣ ጥልቅ ነበር፣ ጥቁሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሄደ። የኪ ቦዩ ከተቆረጠ በኋላ ሻፍቱ 6.7 ኪሎ መዘነ። ፍቅፋቂው 3.8 መሆን ነበረበት።

ቶርኖ ቤቱን «ጠርጌ ልውሰደው?» ብዬ በትሕትና ጠየቅኳቸው፣ ያለ ቅሬታ ፈቀዱልኝ። ጆንያ ሙሉ ነበር፣ ጣርማበር። ሲመዘን 3.6 ኪሎ። 200 ግራሙ ከቶርኖው ስር ዘይት ውስጥ ቀርቷል መሰለኝ። ስጠረጥራቸው የነበሩትን ሰዎች ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

---

ጣርማበር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡52

ከመሸጥህ በፊት ዘይቱን አጥልለው። ገዢው የዘይቱን ክብደት ቀንሶ ነው የሚመዝንልህ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም። 3.6 ያልከውም ዘይቱን ይዞ ከሆነ የጠፋው ብረት ከ200 ግራም ይበልጣል።

---

አለም ከተማ ቶርኖ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡15

እንኳን በሰላም ተሠራልህ። የቆረጥክበት 65 ምን ያህል ጎብጦ እንደነበር ለክተኸዋል? መሃሉ ላይ ከ0.5 በታች ከነበረ በሚቀጥለው 62 ወይም 63 ገበያ ላይ ፈልግ፣ አልፎ አልፎ ይገኛል። 63 ማለት በዚህ ርዝመት ከ65 ወደ 0.65 ኪሎ ያነሰ ነው፣ ጋሼም በ63 አይከራከሩኝም።

---

ባለ ቶርኖ | እሁድ፣ ከቀኑ 6፡40

በ63 አልከራከርህም። በ60 ግን ብረቱን ይዘህ ደብረ ብርሃን ና፣ አብረን ሴንተር እንወጋና ሲዞር እንየው።